ከጆሮ እስከ ጉሮሮ

እማማ መርፌ ይሏታል። ስለምትሰፋ አይደለም፤ ስለምትወጋ ነው። ምላሷ የተቀመጠውን ያስነሳል፣ የቆመውን ያስቀምጣል። ሴቶቹ ልብስ እያሰጡ ሰው ሲያሙ እሷ ብቅ ካለች ሐሜቱን እንደ ትኩስ ድንች ይውጡታል። ይሁንና ጆሮው የታመመ ሁሉ መጨረሻው እሷ ደጅ ነው። ዘይቷን ታሞቃለች፣ እንዳያቃጥል አንጓዋ ላይ ጠብ አድርጋ ትሞክረዋለች፣ የታመመውን ጭኗ ላይ ጋደም አድርጋ ታንቆረቁርለታለች። የዳነ ያመሰግናታል። ያልዳነም ያመሰግናታል፤ እሷን ሳያመሰግኑ መሄድ የሚያመጣውን ስለሚያውቅ።

አንድ ልጅ አላት፤ ፀጉሩ ከጆሮ ግንዱ በኩል መሸበት የጀመረ ጎልማሳ። ጋራዥ ነው የሚሠራው። እዚያ ያሉት «ሰሚው» ይሉታል። ረጅም ካቻቢቴ ይይዛል፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ ይተክላል፣ እጀታውን ግራ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ኩሽኔታ ነው» ወይም «ቫልቭ ነው» ይላል። ሲፈታ እንዳለው ይገኛል። ሌላው መካኒክ ግማሽ መኪና በትኖ የሚያገኘውን እሱ ሳይፈታ ያገኘዋል። ባለመኪናው ሁሉ «ሰሚው ይየው» ብሎ ነው የሚመጣው። ሚስት አላገባም፤ እናቱ «አንተ ያገባኸው ሞተር ነው፣ ልጁም ጭስ ነው» ትለዋለች።

ታዲያ ይህ ሰው ጉንፋን ያዘውና ተነሣ። ጉንፋኑ ሄደ፤ ጆሮው ግን አልመለስ አለ። እናቱ መጀመሪያ ያየችው ሬዲዮውን ሲያስጮኸው ነው። ቀጥሎ በግራ በኩሉ ስትጠራው ዝም፣ በቀኝ ስትጠራው «አቤት»። ቀጥሎ ደግሞ ጥጥ ወትፎ መጣ።

«ምንድን ነው ጆሮህ ላይ የተከልከው?»

«ምንም አይደለም እማዬ፣ ኩክ ነው። ደፍኖኛል።»

«ኩክ ከሆነ ጥጥ ምን ይሠራል? በሩ ለተዘጋ ቤት ሌላ በር ትሠራለህ?»

«በቃ ተይኝ።»

መተው እሷ ዘንድ የለም። በዕረፍት ቀኑ፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ እንዳለች፣ ዘይቷን አሙቃ ከፊቱ ቆመች። ሰውየው ልክ እንደ ልጅ ግድግዳውን ተጠጋ።

«አይሆንም እማዬ። አይነካ።»

«የሰፈሩን ጆሮ ሁሉ እኔ እያዳንኩ የገዛ ልጄ በጥጥ ይኖራል? ምን ይሉኛል? ና ተኛ!»

ተኛ። ምን ያድርግ፣ እናት ናት። ጥጡን አወጣች፤ ጫፉ ቡናማ ነበር፤ ኩክ ነው ብላ ወረወረችው። ዘይቱን አንድ ጊዜ ጠብ አደረገች። ሰውየው እንደ ተወጋ ዘሎ ተቀመጠና ጉሮሮውን ያዘ።

«ምን ሆንክ? አቃጠለህ?»

«ዘይቱ... ጉሮሮዬ ገባ።»

«በአፍህ አይደለም ያፈሰስኩት፣ ጆሮህ ነው።»

«ቀመስኩት እኮ ነው የምልሽ! ምላሴ ሥር ደርሷል።»

ልትስቅ አፏን ከፈተች፣ ሳቁ ግን አልመጣም። ዕድሜዋን ሙሉ ስንቱን ጆሮ አጠጥታለች፤ አንድም ሰው «ጣመኝ» ወይም «መረረኝ» ብሏት አያውቅም። ጆሮ ማለት ለእሷ እንደ ኪስ ነው፤ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም። ኪስ ታዲያ እንዴት ያፈሳል?

«ተመልሰህ ተኛ» አለችው፣ አሁን ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ልየው።»

ይህችን ሁለተኛዋን ጠብታ ለሕመሙ አልነበረም የጨመረችው። ለማወቅ ነው። እሱም ዋጥ አደረገና «ይኸው መጣ» አላት።

ከዚያ በኋላ ጆሮው መምታት ጀመረ። በማግስቱ ጥጡ ላይ ቢጫ ነገር ተገኘ፤ ሽታውም የሚወደድ አልነበረም። ትኩሳትም ጨመረበት። እማማ መርፌ ነጠላዋን አነሣችና «ተነስ» አለች። «የጆሮ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። አንተ መዳንህን ታያለህ፣ እኔ ያ ዘይት በየት እንዳለፈ አያለሁ።»

የጆሮ ክፍሉ ጠባብ ነበር። የሚሽከረከር ወንበር፣ በክንድ ላይ የተንጠለጠለ ስክሪን፣ ጠረጴዛው ላይ በሳህን የተደረደሩ ቀጫጭን ብረቶች፣ ከጎናቸው ደግሞ ውኃ የሚገፋ ትልቅ ስሪንጅ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አጠር ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ላይ የጠቀለለች። እማማ መርፌ ልጇን በክርኗ ነካ አደረገችና በሹክሹክታ ነው ብላ ባሰበችው ድምፅ፣ «ይቺ ነች የምታክመን? ገና ጥርሷን አልነቀለች» አለች።

«ሰምቻለሁ እማማ» አለች ሐኪሟ ሳትዞር። «የእኔ ጆሮ ደህና ነው። ታማሚው ማነው?»

«እሱ ነው።»

«ምን ሆነው ነው ወንድሜ?»

«ኩክ ነው» አለ ሰሚው። «ደፍኖኛል። ይታጠብልኝ።»

ሐኪሟ እጇን ወደ ስሪንጁ ስትልክ እማማ መርፌ ቀደመች። «ቆይ ልጄ። መጀመሪያ ይሄን ንገሪኝ። ጆሮው ውስጥ ዘይት ጨመርኩ፤ በጉሮሮው ወጣ። በየት አልፎ ነው?»

የሐኪሟ እጅ ባለበት ቆመ። «በጉሮሮው?»

«ቀመሰው። ሁለት ጊዜ።»

ሐኪሟ ስሪንጁን አነሣችና ራቅ አድርጋ፣ ሌላኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲያው ውስጡን ሳላይ ውኃ የሚባል ነገር አይገባም» አለች። «እማማ፣ ይሄን ባይነግሩኝ ኖሮ...» ቀሪውን ዋጠችው።

እማማ መርፌ ቀሪውን መስማት ፈልጋ ነበር፤ ስክሪኑ ሲበራ ግን ረሳችው።

ሐኪሟ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለበት፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ ዘንግ አነሣች። «ሁልጊዜ ከደህናው ነው የምንጀምረው፣ የታመመውን ለማወቅ» ብላ የቀኝ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ዋሻ ታየ። መግቢያው ላይ ፀጉሮች እንደ ሣር ቆመዋል፤ ከግድግዳው አንድ ቦታ ማር የመሰለ ነገር ትንሽ ተለጥፏል። ከዚያ ወዲያ ቆዳው ፈካ ያለ ሮዝ ነው፣ ንጹሕ ነው።

«ይሄ የልጄ ነው? ጆሮ ውስጡ እንዲህ ቤት ነው እንዴ!»

«ያቺ ማር የመሰለችው ኩክ ናት። እሷ ጠላት አይደለችም፤ አቧራውን የምትይዝ እሷ ናት። ራሷ ቀስ እያለች ትወጣለች፤ መነካካት አያስፈልጋትም።»

ሰሚው አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። «ይቺው ናት? ሌላ የለም?»

«በዚህ በኩል ይቺው ናት። አሁን ጥጉን ይዩ፤ ታምቡሩ ነው።»

ዋሻው መጨረሻ ላይ ክብ ስስ ነገር ተወጥሯል። ቀለሙ እንደ ቀጠነ ሻይ ነበር። ወደ ውስጥ ስምጥ ብሏል፤ ከኋላው ደግሞ ጥቃቅን አረፋዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው ይታያሉ።

«አረፋው ከታምቡሩ በስተኋላ ነው፤ ውኃ ተጠራቅሟል» አለች ሐኪሟ። «ግን ደህናውን ሳታዩ የታመመው አይገባችሁም። እማማ፣ ይቀመጡ እስቲ።»

«እኔ? እኔ ጆሮዬ እንደ መስታወት ነው» ብላ ተቀመጠች፤ ደስ ብሏት። ለነገሩ ከገባች ጀምሮ ወንበሩን በዓይኗ እየለካችው ነበር።

የቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ካሜራው ገባ እንዳለ ጥቁር ቡናማ ግድግዳ ገጠመው። ዋሻ የለም፤ ታምቡር የለም፤ ጭቃ ብቻ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማሽኑ ተበላሸ?»

«ኩክ ነው እማማ። ጆሮውን ከዳር እስከ ዳር ደፍኖታል።»

ሰሚው ትኩሳቱን ረስቶ ሳቀ። «እንደ መስታወት ነው አይደል እማዬ?»

«ዝም በል! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም? ... ለነገሩ አንተ ምኑን ትሰማለህ። ሌላውን እይልኝ ልጄ፣ ይሄን ተይው።»

በግራ ጆሮዋ መንገዱ ክፍት ነበር። ጥጉ ላይ ታምቡሩ ታየ፤ እማማ መርፌም ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች። እንደ ሽንኩርት የውስጥ ልባስ ስስ ነው፣ ብርማ ግራጫ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ከላይ ወደ መሃሉ አንዲት ነጭ አጥንት እንደ ስንጥር ትወርዳለች። ከአጥንቷ ጫፍ ወደ ታች፣ በፊቷ አቅጣጫ፣ የመብራቱ ነጸብራቅ ባለሦስት ማዕዘን ሆኖ ያበራል።

«ይሄ ነው ደህና ታምቡር። ድምፅ ሲመታው ይርገበገባል፣ ያቺ አጥንት ታቀብላለች፣ ከኋላዋ ያሉት ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ይቀባበላሉ። አጥንቶቹ ያሉበት ክፍል አየር ነው። አየሩ የሚገባው ደግሞ በዚህ በኩል ሳይሆን ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከጉሮሮ በላይ፣ በሚመጣ ቀጭን ቱቦ ነው። ስንውጥና ስናዛጋ ይከፈታል።»

«አሃ!» እማማ መርፌ ጭኗን መታች። «መንገድ አለው! ግን ቆይ... መንገዱ ከታምቡሩ ኋላ ነው። ዘይቱን እኔ ያፈሰስኩት ከፊት ነው።»

ሐኪሟ ዘንጉን ከጆሮዋ አወጣችና ወደ ሰሚው ዞረች። «የእርስዎ ቱቦዎች በጉንፋኑ አብጠው ተዘጉ፤ የቀኙ ገና አልተከፈተም። አየር ሲያጣ ክፍሉ ውኃ ቋጠረ። ድፍን ያለብዎት ለዚህ ነው፤ ኩክ አይደለም።»

«ልክ አየር የገባበት የፍሬን ዘይት ነው የሚመስለው» አለ ሰሚው በቀስታ። «እና... ከውጭ ቢነፉት ምንም አይጠቅምም ማለት ነው?»

«ከውጭ ቢነፉት?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው።»

ሐኪሟ አየችው። ከዚያ በእናቱ ቦታ አስቀመጠችውና ዘንጉን ይዛ ወደ ግራ ጆሮው ዞረች።

እዚህኛው ዋሻ ውስጥ የሚታይ አልነበረም። ግድግዳው ቀልቶ አብጧል፤ መሃሉን ቢጫ መግል ሞልቶታል፤ በመግሉ ላይ የእማማ መርፌ ዘይት እንደ ዝናብ ቀን አስፋልት ያብለጨልጫል። ሐኪሟ ቀጭን መምጠጫ አስገባች። ማሽኑ ሲጮህ ሰሚው የወንበሩን ክንድ ጨበጠ፤ እናቱ ጉልበቱን ያዘችለት። ውኃ ሳይነካው፣ እያየች፣ ጥቂት በጥቂት መጠጠችው። መግሉ እያነሰ ሲሄድ ታምቡሩ ብቅ አለ። ግራጫ አይደለም፤ ብርሃንም አያሳልፍ። እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቷል፣ ወፍሯል። ከግርጌው ጥቁር ነገር አለ። ሐኪሟ ካሜራውን አስጠጋች። ጥቁር ነገር ሳይሆን ቀዳዳ ነው። ዳሩ የተቦጫጨቀ ነው፣ አንድ ጥግ ላይ የደረቀ ደም ተጣብቋል። ከውስጡ እርጥበት ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ከሰውየው የልብ ምት ጋር እኩል።

ማንም ሳይነግራት ገባት። ዘይቱ ያለፈበት በር ያ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ የልጄን ጆሮ የበሳሁት። ዘይቴ ነው። በዚህ ጆሮ እኮ ነው እንጀራ የሚበላው!»

ስህተቷን አምና የማታውቅ ሴት ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ እንኳ «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። አሁን ግን እንባዋ ነጠላዋ ላይ ይወርዳል፤ ልጇ ደግሞ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

«ዘይቱ ይፈላ ነበር እማማ?» አለች ሐኪሟ።

«ኧረ አንጓዬን እንኳ አልቆጠቆጠኝም!»

«መቼ ነው ጉሮሮው የተሰማው? ቆይቶ?»

«ጠብ ስትል ወዲያው።» እንባዋን ጠረገች። አንድ ነገር እንደ ትንኝ ጆሮዋ ሥር ጥዝዝ አለባት። «ወዲያው... ወዲያው ከሆነ እኮ... በሩ ቀድሞ ክፍት ነበር። ዘይት በዝግ በር አያልፍም።»

«እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት። የሚያቃጥል ነገር ቢሆን የመንገዱ ቆዳ ሁሉ ይላጥ ነበር። የደረቀውን ደም ይዩት፤ ከዘይቱ የቀደመ ነው። ይሄ የተቀደደ ነው። ታምቡር እንዲህ የሚቀደደው በጥፊ፣ በፍንዳታ፣ ወይ በኃይለኛ ግፊት ነው። ወንድሜ፣ በጥፊ ተመትተዋል?»

«ማነው ልጄን በጥፊ የሚመታው? ስሙን ንገረኝ!»

«ማንም አልመታኝም» አለ ሰሚው። ጫማውን እያየ ነው። «ኮምፕሬሰር ነው።»

«ምን?»

«የአየር ቱቦ። እኛ ጋ የተደፈነ ነገር ሁሉ በእሱ ነው የሚነፋው። ፊልትሮ ብትሉ፣ ራዲያተር ብትሉ፣ የቱታችን አቧራ ሳይቀር። አብሮኝ የሚሠራውን ቡሎንን ‹ጆሮዬን ደፈነኝ፣ ትንሽ ንፋልኝ› አልኩት። ትንሽ ነው ያልኩት። እንደ መብረቅ ጮኸብኝ፤ መሬቱ ዞረ። ጣቴን ሳስገባ ደም አለው። ለማንም እንዳትናገር ብዬ አስማልኩት። ሰሚው ጆሮውን ነፋ ቢባል በዚያ ግቢ መኖሬ ነው?»

እማማ መርፌ ቀስ ብላ ተነሣች።

«እና እኔ ዘይት ይዤ ስቆምብህ፣ ይሄን እያወቅህ፣ ዝም ብለህ ተኛህ?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ እማዬ።»

«እስቅ ነበር! ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር! ስቄ ስጨርስ ግን ዘይቱን እደፋው ነበር፣ አንተ ደንቆሮ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ? ጆሮህ ራዲያተር ነው? አሁን ደግሞ ‹እኔ ነኝ የበሳሁት› ብዬ ሳለቅስ ታየኛለህ? ወይ የኔ ነገር፣ አንጀቴን አስወጥቼ የወለድኩት!»

«እማማ» አለች ሐኪሟ፣ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን እየነከሰች። «እርስዎም ነፃ አይደሉም። ቀዳዳውን አየሩ ሠራው። ዘይቱ ግን በቀዳዳው ቆሻሻ ይዞ ገባ፤ ለመግሉ ያገዘ እሱ ነው። ውስጡን ያላዩትን ጆሮ አያጠጡ።»

እማማ መርፌ ስክሪኑን አየችና «እሺ» አለች።

ከዚያ ሰሚው ከሁሉ የከበደውን ጠየቀ። «ሞቷል ወይ? ጆሮዬ?»

ሐኪሟ ባለ ሁለት ጣት ብረት አነሣች፣ ጉልበቷ ላይ መታችውና የሚርገበገበውን ግንባሩ መሃል ላይ አቆመች። «በየትኛው በኩል ነው የሚሰማዎት?»

ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። ሞተር ሲያዳምጥ የሚሆነውን ሆነ። ከዚያ ዓይኑን በለጠጠ። «በግራ! በበሽተኛው!»

«ይዋሻል» አለች እናቱ።

«አይዋሹም። ይሄ ድምፅ በአየር አይደለም የሚሄደው፣ በአጥንት ነው። ነርቩ ቢሞት ኖሮ ወደ ደህናው ነበር የሚያደላ። የተሰበረው በሩ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ግን ውስጥ አለ።»

«በካቻቢቴ እንደምሰማው!» አለ ሰሚው። የሚያለቅስ መሰለ።

«ግን ቃል አልገባም። እንዲህ ያለ ትንሽ ቀዳዳ፣ መግሉ ከደረቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጋጠማል፤ ሳምንታት ይፈጃል። ካልተጋጠመ በቀዶ ጥገና ይለጠፋል። የምሰጥዎት ጠብታ ቀዳዳ ላለበት ጆሮ የሚሆነው ነው፤ ጉሮሮዎን ቢመርዎት አይደንግጡ። ውኃ አይግባ፤ ሲታጠቡ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ይድፈኑበት፣ ከዚያ ያውጡት። አፍንጫዎን አፍነው አይናፈጡ። ዘይት የለም።» አሮጊቷን አየቻት። «አየርም የለም።» እሱን አየችው።

የእማማ መርፌን ኩክ ደግሞ፣ ጆሮዋ ፈስሶ እንደሚያውቅ ጠይቃ «በፍጹም» ከተባለች በኋላ፣ በለብ ያለ ውኃ አጠበችው። አንድ ቡናማ ጉብ ሳህኑ ላይ ወደቀ። አሮጊቷ ለአፍታ ተንገዳገደችና ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። «ይሄ ማሽን ቅድምም እንዲህ ይጮህ ነበር?» አለች። በሩ ሲዘጋም ደነገጠች።

ከዚያ የመጠበቅ ጊዜ መጣ። መጠበቅ ከሕመም ይከፋል። መግሉ ደረቀ፣ ትኩሳቱ ለቀቀ፤ ሰሚው ግን ሰሚ አልሆነም። አንድ ቀን በቀኝ ጆሮው አዳምጦ «ኩሽኔታ ነው» አለ። ፈቱት። ኩሽኔታው ደህና ነበር። ማንም አልሳቀበትም፤ ይህ ነው የጎዳው። ቤት ገብቶ የቀረበለትን ምግብ ወደ ጎን ገፋ።

ቡሎን ይቅርታ ሊል መጣ፤ ድብልብል፣ ጭንቅላቱ እንደ ስሙ። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ግባ» አለችው እማማ መርፌ። «ምነው ቆምክ? ንፋስ ይዘህ ነው የመጣኸው?»

«እማማ፣ በእናትዎ፣ እሱ ነው ንፋልኝ ያለኝ...»

«ገደል ግባ ቢልህስ?»

«እሱ ካለ ልክ ይሆናል ብዬ እገባ ነበር እኮ። ሁላችንም የሚለውን ነው የምናደርገው።»

ይህን ስትሰማ ወንበር ሰጠችው። ልጇ በዚያ ግቢ ምን እንደነበር፣ ምን ሊያጣ እንደሆነም ያኔ ነው በትክክል የገባት።

ጎረቤቶችም መምጣታቸውን አልተዉም። አንዷ ልጇን አዝላ «ጆሮው ሲያሳክከው አደረ፣ ትንሽ ዘይት» ስትል እማማ መርፌ በር ላይ አስቆመቻት። «ውስጡን አይተሻል?» «በምን ዓይኔ?» «እኔስ በምን ዓይኔ? የማላየው ቤት ውስጥ ዘይት አልደፋም። ሐኪም ታየው።» ሴትየዋ እማማ መርፌ ታመመች ብላ ለሰፈሩ አወራች።

የቀጠሯቸው ቀን ሲደርስ ሐኪሟ ቀኙን አስቀደመች። ሻዩ የለም፣ አረፋው የለም፤ ግራጫ፣ ብርሃኑ በቦታው። «ቱቦው ተከፈተ፣ ውኃው ሄደ» አለች። ዘንጉን ወደ ግራው አዞረች። እማማ መርፌ ስክሪኑን ልትነካው እስክትደርስ ተጠጋች። መቅላቱ ጠፍቷል። ከግርጌው ቀዳዳውን ፈለገችው። አጣችው። በቦታው ከሌላው የሳሳ፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ተወጥሯል።

«የት ሄደ?»

«ተጋጠመ። የሳሳው አዲሱ ቆዳ ነው።»

«ራሱን ሰፋ?»

«ራሱን ሰፋ። መስማቱን ግን ሥዕል አይነግረንም። ይምጡ፣ እንለካው።»

ሰሚውን ወፍራም በር ያለው፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገባችውና ጆሮው ላይ ማዳመጫ አጠለቀችለት። «ድምፅ በሰሙ ቁጥር፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ጣትዎን ያንሱ።» በሩ ተዘጋ። እማማ መርፌ ከሐኪሟ ጎን ሆና በመስታወቱ ታየዋለች። ሐኪሟ ቁልፍ ትጫናለች፤ ድምፁ ለአሮጊቷ አይሰማትም። የሚታያት የልጇ ጣት ብቻ ነው።

ጣቱ ተነሣ። ደግሞ ተነሣ። ሐኪሟ ድምፁን እያሳነሰች ሄደች፤ ጣቱ አልቀረም።

«ይሄ ቀኙ ነው» አለች ሐኪሟ። «አሁን ግራው።»

ቁልፉን ተጫነች። ሰሚው ዓይኑን ጨፍኗል። ጣቱ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል። ያቺ አፈኛ ሴት፣ ለነገሥታት ቢሆን የማትመለስ፣ ለአንዲት ጣት ዝም አለች። የልጇን ጣት የምትገፋለት ይመስል የራሷን አመልካች ጣት በነጠላዋ ሥር ቀሰረች።

የልጇ ጣት ተነሣ።

ሐኪሟ አሳነሰችው። ተነሣ። ደግሞ አሳነሰችው። ቆየና ተነሣ። አንዱ ላይ ግን ቀረ፤ ደግማ ብትጫነውም አልተነሣም።

«ያቺን አልሰማትም» አለች እማማ መርፌ በሹክሹክታ፤ በዚህ ጊዜስ እውነተኛ ሹክሹክታ ነበር።

«በጣም ትንሽ ድምፅ ናት። አዲሱ ቆዳ ሲጠነክር ልትመጣ ትችላለች፤ ላትመጣም ትችላለች። ሌላውን ሁሉ ግን ሰምቷል።»

በሩ ተከፍቶ ሰሚው ሲወጣ የሁለቱንም ፊት እያፈራረቀ ተመለከተ። «ምን አላችሁ? ስለኔ ነው የምታወሩት?»

«ግራህን አዙርልኝ» አለችው እናቱ።

«ለምን?»

ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ አለችና፣ ሐኪሟን በዓይኗ እየለካች፣ እሱ ብቻ እንዲሰማው አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ሐኪሟ ምን እንደሆነ አልሰማችም። ሰውየው ግን እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ «እማዬ ደግሞ! ሰው ፊት!» አለና ወደ መውጫው ገሰገሰ።